ወንበር ሦስት፣ ሰሊጥ

ልጅቷ ነጅላን እጅ መታጠቢያው ደጃፍ ላይ ጠብቃ ያዘቻት። ዓረብ አገር፣ በዘህሌ ከተማ ወንዝ ዳር «ሰፍሳፍ» በሚባለው ምግብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተናገደች ሴት እዚያ በር ላይ የሚጠብቅ እንግዳ ምን እንደሚፈልግ ታውቃለች። ወይ የልደት ኬክ ደብቃችሁ አምጡልኝ ሊል ነው፣ ወይ ጠረጴዛው ላይ የማይወራ ነገር አለው። የዚህችኛዋ ፊት የኬክ ፊት አልነበረም።

«አክስቴ፣ አንዴ ላስቸግርሽ?»

«በይ፣ ዓይኔ።»

«ሰሊጥ አይስማማኝም። አይስማማኝም ስልሽ ሆዴን ይነፋኛል ማለቴ አይደለም። ጉሮሮዬን ይዘጋዋል።»

ነጅላ የያዘችውን ባዶ ትሪ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። እንዲህ ያለ ነገር እየተራመዱ አይሰማም።

«ጣሂናው ብቻ ነው ወይስ የነካውም ጭምር?»

«የነካውም። አምና ሰሊጥ ያለበት ዳቦ በቆረጡበት ቢላ የተቆረጠ አይብ ነው ሆስፒታል ያስገባኝ።»

«የአለርጂው መርፌ አለሽ?»

«ሁለት አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ቦርሳሽስ?»

«ወንበሬ ላይ።»

«ከዚያ እንዳይነሳ። ስምሽ ማነው? የትኛው ወንበር ላይ ነሽ?»

ስሟ ጁማና ነው። ጠረጴዛ ዘጠኝ፣ ከመስኮቱ ሲቆጠር ሦስተኛው ወንበር። ነጅላ ጻፈች። ልጅቷ ግን አልሄደችም፤ የነጅላን እጅጌ ያዘች።

«አንድ ነገር ደግሞ። እዚያ የተቀመጡት ሴትዮ፣ ሲት ማቲልድ፣ የእጮኛዬ የጋሳን እናት ናቸው። ዛሬ ገና ነው የሚያዩኝ። ከእኔ በፊት ያጫትን ልጅ ራስ ምታት አለባት ብለው፣ በሽተኛ ለልጄ አላጋባም ብለው ነው የመለሷት። እባክሽ፣ ዛሬ እንዳይሰሙ።»

ነጅላ ይህን አልወደደችውም። የሰው ልጅ ትንፋሹን ከአማት ሐሜት አሳንሶ ሲያይ ትናደዳለች፤ ደግሞም እሷ ራሷ በሃያ ዓመቷ ምን ምን እንደደበቀች ታስታውሳለች። ስለዚህ ተቆጣችም አዘነችም።

«ጠረጴዛሽ ላይ ያሉት ቢያውቁ ለራስሽ ይበጅ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«በይ እሺ። የምትበይው እኔ በእጄ ያመጣሁልሽን ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ሳህን ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሰማያዊ የለም። ከተጠራጠርሽ ቀና ብለሽ እዪኝ። ራሴን ከነቀነቅሁ ብይ። ቅንድቤን ካነሳሁ እንዳትነኪው።»

ልጅቷ ከበድ ያለ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሰች። ነጅላም ብልህ ነገር የተናገረች መሰላት። ያን ጊዜ እንዲያ መስሏት ነበር።

እሑድ ቀትር ላይ የሰፍሳፍ ወጥ ቤት ሰሊጥ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሽምብራው በጣሂና፣ በተፈጨው ሰሊጥ፣ ይፈጫል፣ የተጠበሰው ባድንጃን በጣሂና ይታሻል፣ ዓሣው ጣሂና ይለብሳል፣ የዳቦው ቅርጫት ሥር እንደ አሸዋ ፍሬው ተነጥፏል። አንዱ ማንኪያ ከአንዱ ጎድጓዳ ወደ ሌላው ሲዘል ማንም ልብ አይለውም፤ ለምን ይበል? እዚያ አገር ጣሂና የማይበላ ሰው ማለት ውሃ የማይጠጣ ሰው ማለት ነው። ነጅላ በሩን ገፍታ ስትገባ የለመደችው ሽታ ዛሬ አፍንጫዋ ላይ ከበደባት።

ደንቡ ግልጽ ነው። አለርጂ ከሩቅ አይጮህም፣ በሌላ ትእዛዝ ጠርዝ ላይም አይጫርም። ሰማያዊ ወረቀት ላይ ለብቻው ይጻፋል፣ አስተናጋጇ ራሷ ይዛው ትገባለች፣ ምግብ ሠሪው እጁን ከሥራ ያነሳል፣ ያነባል፣ መልሶ በአፉ ይላል። ሼፍ ዲብ ግንባሩ እያላበው ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ሰማያዊውን ሲያይ ቢላውን አስቀመጠ።

«ዘጠኝ ቁጥር፣ ወንበር ሦስት» አለ ጮክ ብሎ። «ሰሊጥ። ጣሂና፣ ሐላዋ፣ ፍሬው፣ ዘይቱ፣ የነካው ሁሉ። ሕይወት ያሰጋል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ምን ትብላ?»

«ምን ትሰጣታለህ?»

ዲብ አሰበ። ዲብ ሲያስብ ከንፈሩን ይነክሳል። «ከጥብሱ መጥበሻ አልሰጣትም፣ የሽምብራው ፈላፍል ሰሊጥ አለው፣ የሚጠበሱበት ዘይት አንድ ነው። ከሰል ማንደጃው ላይም አላስቀምጥም። አዲስ መጥበሻ ላይ ዶሮ፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት። ላብነህ፣ ወፍራሙ እርጎ፣ ካልተከፈተ ዕቃ። ቲማቲምና ኪያር። ዳቦ ከቅርጫቱ አይሆንም፤ ድንች እቀቅልላታለሁ።»

ከዚያ እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ጄል እጅ ያደርቃል እንጂ ሰሊጥ አያነሳም። ሽርጡን ለወጠ። ከላይኛው መደርደሪያ ክዳን ያለውን ሣጥን አወረደና ሰማያዊውን መክተፊያ፣ ሰማያዊውን ቢላ፣ ሰማያዊውን ማንኪያ አወጣ። ወጥ ቤቱ ሁሉ ያንን ማዕዘን ለቀቀለት። ጨው እንኳ ከአዲስ ከረጢት ነው የወሰደው፤ በሌላው ማሰሮ ስንት እጅ እንደገባበት ማን ያውቃል።

ነጅላ ልትወጣ ስትል ዲብ ጠራት።

«ለሙዓለሙስ ነግረሻል?»

ሙዓለም የሚሉት ባለቤቱን ናኽሌን ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት አራት ሰው ይነገረው ይላል፦ የሚያበስለው፣ ሳህኑን ፈትሾ የሚያወጣው፣ የሚያስተናግደው፣ አዳራሹን የሚመራው። አዳራሹን የሚመሩት ደግሞ ራሳቸው ናኽሌ ናቸው።

«ለሳቸው ከምነግር በሬዲዮ ባስነግር ይሻለኛል» አለች ነጅላ።

ዲብ ሳቀ፤ ድስት አጣቢዋም ሳቀች። ሁሉም ያስታውሳል። ባለፈው ፋሲካ አንድ ዳኛ ስኳር አለብኝ ብለው በጆሯቸው ቢነግሯቸው፣ ናኽሌ ከአዳራሹ ማዶ «የስኳሩ እንግዳዬ የታል!» እያሉ መጡ። ልባቸው ደግ ነው፤ አፋቸው ግን ክዳን የለውም። ደግሞስ፣ አለች ነጅላ ለራሷ፣ እሳቸው አያበስሉ፣ ሳህን አይሸከሙ። ልጅቷ እንዳይሰማባት ለምናኛለች። ወጥ ቤቱና እኔ ካወቅን ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ታውቀዋለች፤ ግን ቅጠሉን የምትቆርጠው ሌላ ቀን ነው ያለች ይመስላል።

ጠረጴዛ ዘጠኝ ላይ ሜዜው ተዘርግቷል። ሃያ ትናንሽ ሳህን፣ ግማሹ ነጭ፣ ነጩም ሁሉ ጣሂና። ጁማና መሐል ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ነጅላ ወንበር ሦስት ፊት ያለውን የሽምብራ ሑሙስ አንስታ ወደ ጋሳን ገፋችው፤ ገበታውንም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ወለወለች።

«እጮኛህ ምንም አልበላችም እኮ፣ ጋሳን» አሉ ሲት ማቲልድ። እንዲህ ሲሉ ዳቦ ቆርሰው፣ ባድንጃኑን በጣሂናው አጥቅሰው፣ ጠቅልለው ወደ ልጅቷ አፍ ዘረጉ። «ነይ ልጄ። ከእጄ።»

ከአማት እጅ ጉርሻ አይመለስም። እዚያም እንደዚህ ነው። ጁማና ቀና አለች፤ ነጅላ ቅንድቧን አነሳች፤ ወዲያውም ጣልቃ ገባች።

«ሲት ማቲልድ፣ ይህችን ልጅ ለኔ ተዉልኝ። ሼፉ ራሱ የሚሠራላት ምግብ አለ፣ ዳቦ ከቀመሰች አይጣፍጣትም።»

«እንዴት ያለ ቅብጠት ነው!» አሉ ማቲልድ፤ ግን ሳቁ። ጉርሻውን ልጃቸው አጎረሱት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ነጅላ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

ሰማያዊው ሳህን ሲዘጋጅ ነጅላ ራሷ ተቀበለችው። በክዳን ተሸፍኗል፤ ላዩ ላይ ወረቀቱ አለ። ዲብ እንደገና አነበበላት፣ እሷም መልሳ አለችለት። ሌላ ሳህን አብራ አልያዘችም፤ ትሪ ላይም አላደረገችውም። በሁለት እጇ ይዛ፣ በሰው መሐል እየተሽሎከለከች፣ ወንበር ሦስት ፊት አስቀመጠች። ወረቀቱን ሽርጧ ኪስ ከታ ክዳኑን አነሳች። ዶሮ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ኪያር፤ በጎኑ ላብነህ፣ ላዩ ላይ ዲብ ደረቅ ናና ነስንሶበታል፤ አረንጓዴ።

«ይህ ያንቺ ነው» አለች።

«እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ» አለች ጁማና። ዶሮዋን መብላት ጀመረች። ነጅላ ሦስት ጉርሻ ስትውጥ ቆማ አየች። ደህና ነበረች፤ መልኳም ተመለሰ፤ ለማቲልድ ስለ ሥራዋ ማውራት ጀመረች። አሥራ አራት ቁጥር እየጠራት ስለነበር ነጅላ ሄደች።

ናኽሌ የመጡት ያን ጊዜ ነው። አርባ ዓመት እንዳደረጉት፣ ከቀኝ ኪሳቸው የእናታቸውን የዛዕተር ከረጢት አውጥተው። ዛዕተር የደረቀ የተራራ ጦስኝ ነው፤ ሱማቅ ከሚባል ኮምጣጣ ፍሬና ከሰሊጥ ጋር ይደባለቃል። ሌላው ሰው ሰሊጡን ሙሉ ፍሬውን ይተወዋል፤ የናኽሌ እናት ግን አብረው ይፈጩት ስለነበር የሳቸው አረንጓዴ ዱቄት ብቻ ነው። ናኽሌ የወደዱት ጠረጴዛ ላይ በጣታቸው እየቆነጠሩ ይነሰንሳሉ። ወጥ ቤት አያውቀውም፣ ወረቀት አይወጣበትም፣ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይጠይቅበትም። በረከት ነው ይላሉ።

«ሲት ማቲልድ! ከነልጅዎ! ይህችስ ማርያም የመሰለች ማናት?»

«ምራቴ ልትሆን ነው፣ ናኽሌ። መርቅልኝ።»

«እንግዲያማ ላብነህ ያለ ዛዕተር ትበላለች? በኔ ቤት?» ከመስኮቱ ጀምረው ነሰነሱ፣ ሰማያዊው ሳህን ላይም አብዝተው ነሰነሱ። ልጅቷ «ይቅር» ለማለት አፏን ስትከፍት ምርቃቱ ቀደማት። ጨርሰው ወደ አሥር ቁጥር አለፉ።

ጁማና ሳህኗን አየች። ዱቄት ነው፣ ሰሊጥ አይታይበትም። አሮጊቷ ያዩዋታል።

«ብይ እንጂ፣ የደግ ሰው እጅ ነው» አሉ ማቲልድ።

ልጅቷ ቀና ብላ አዳራሹን ፈለገች። ነጅላ ማዶ፣ አሥራ አራት ቁጥር ጋ፣ በሁለት ክንዷ አራት ሳህን ተሸክማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ጁማና በጣቷ የሳህኑን ጠርዝ ነካች፣ እንደ መጠየቅ። ነጅላ ሰማያዊውን ሳህን አየች፤ በገዛ እጇ ያስቀመጠችውን፣ ሁለት ጊዜ የተነበበውን። አረንጓዴውንም አየችው፤ ስለ ናናው የጠየቀች መሰላት።

ራሷን ነቀነቀች። ፈገግም አለች።

አራቱን ሳህን አስቀምጣ ስትመለስ፣ ዘጠኝ ቁጥር ሦስት እርምጃ ሲቀራት፣ የጋሳን ሑሙስ ላይ አረንጓዴ አየች። የማቲልድ ሳህን ላይም። ከዚያ የናኽሌን ጀርባ አሥር ቁጥር ላይ፣ ከረጢቱን፣ የሚነሰንሱትን ጣቶች።  

«ጁማና! አስቀምጪው!»

ማንኪያው ባዶ ነበር። ልጅቷ ከንፈሯን በጣቷ እየነካካች ነበር፣ የሆነ ነገር የተጣበቀባት ይመስል። ከዚያ ሳል ጀመራት፤ ደረቅና አጭር። አንገቷ ላይ ቀይ እብጠት እንደ ካርታ ወጣ። «ውሃ ስጧት፣ ትን ብሏት ነው» አሉ ማቲልድ። ልጅቷ ልትነሳ ሞከረች።

«አትነሺ! ማንም እንዳያስነሳት!»

ነጅላ ቦርሳውን ከወንበሩ ነጥቃ ገለበጠችው። ቁልፍ፣ ሊፕስቲክ፣ መስተዋት፣ ቢጫው የመርፌ ቱቦ። ክዳኑን ነቀለች፣ ከቀሚሱ በላይ የጭኗ ውጫዊ ጎን ላይ ተከለችው፣ ጠቅ ሲል ይዛ እስከ አሥር ቆጠረች። ሥልጠና ላይ በብርቱካን ነበር የተለማመዱት፤ ብርቱካን አይንቀጠቀጥም። «አምቡላንስ ጥራ፣ አናፊላክሲስ፣ ከባድ አለርጂ ነው በላቸው!» አለችው ጋሳንን። እሱ ግን ስልኩን ይዞ የእጮኛውን ከንፈር ሲያብጥ ያይ ነበር፤ ሁለተኛ እስክትጮህበት አልነቃም።

መሬት ላይ አስቀመጧት፣ ግድግዳ አስደግፈው፣ እግሯን ዘርግተው። ትንፋሿ ያፏጫል። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ያንን ፉጨት ይሰማል፤ ውጭ ወንዙ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ሞላ። ፉጨቱ ጠበበ እንጂ አልለቀቀም። ነጅላ ሁለተኛውን ቱቦ በሌላኛው ጭኗ ላይ ተከለች። አልጸለየችም፤ መጸለይ እንኳ የሚገባት አልመሰላትም። ሰከንድ ብቻ ነበር የምትቆጥረው። ቀስ በቀስ፣ እጅግ በቀስታ፣ ደረቷ መውጣትና መውረድ ጀመረ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ናኽሌ ነጅላን በክርኗ ይዘው ወደ ወጥ ቤቱ በር ሳቧት። ፊታቸው ዐመድ መስሏል፤ ከረጢቱ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

«ምንድነው ያደረግሁት? ነጅላ፣ ምን አደረግሁ?»

«ሰሊጥ፣ ሙዓለም። ሰሊጥ ይገድላታል።»

«ማን ነገረኝ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ። አልነገረችንም በይ። ዲብ ዝም ይላል። ያችን ሰማያዊ ወረቀት ስጪኝ። አርባ ዓመት የሠራሁት ቤት ነው።»

ዲብ በሩ ላይ ቆሟል። ማዕዘኑ አሁንም ንጹሕ ነው፤ መክተፊያው፣ ቢላው፣ ማንኪያው በየቦታቸው። እሱ ጋ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ አልተሳሳተችም፤ ያን ጊዜ ይህ ለማንም አይጠቅምም ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የአምቡላንሱ ሰው ልጅቷ አፍ ላይ ጭምብል እያደረገ ይጠይቃል። «ምን በላች? ስንት ሰዓት? አለርጂ እንዳለባት የሚያውቅ ነበር?»

«ምንም የለባትም!» አሉ ማቲልድ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉ። «አለብሽ እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

ጁማና ጭምብሉን በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር።

«ለሷ ነግሬያታለሁ» አለች። «ከመብላቴ በፊትም ጠይቄያታለሁ።»

ጣቷ ወደ ነጅላ ነበር። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ናኽሌ ክርኗን ጨበጡት፣ እስኪያማት ድረስ።

ነጅላ ክርኗን አስለቀቀች።

«ነግራኛለች» አለች። «ሰሊጥ እንደሚገድላት ከመብላቷ በፊት ነግራኛለች። የበላችው ዛዕተር ነው፣ ሰሊጥ ተፈጭቶበታል። ነስናሹ እንዳያውቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ልብላ ወይ ብላ ስታየኝ ብይ ያልኳትም እኔ ነኝ።» ሰማያዊውን ወረቀት ከሽርጧ አውጥታ ለአምቡላንሱ ሰው ሰጠችው። «ሁለት መርፌ ወግቻታለሁ። የመጀመሪያው ሰባት ከአሥራ ሁለት፣ ሁለተኛው ሰባት ከአሥራ ሰባት።»

ሰውየው ጻፈ። «ከሰዓታት በኋላ ሊመለስባት ይችላል» አለ፤ «ዛሬ ሆስፒታል ታድራለች። አብሯት የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ። ቤተሰብ።»

ጋሳን እግሩን አነሳ። ሲት ማቲልድ ቀደሙት። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፣ ጸጉራቸው ተበትኗል።

«እናቷ ነኝ» አሉ። ማንም አላረማቸውም።

ቃሬዛው በነጅላ አጠገብ ሲያልፍ እጇን ዘረጋች፤ የልጅቷን እጅ ለመያዝ፣ ይቅርታ ለማለት፣ ምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም። ጁማና አየቻት። ቅድም አዳራሹን ፈልጋ እንዳገኘቻት ሳይሆን፣ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ። ከዚያ እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበችና ፊቷን ወደ ማቲልድ አዞረች።